ከሳዑዲ የመጣ ዕቃ ከመሰካቱ በፊት፦ ኔምፕሌት ስናነብ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደሴ ውስጥ ትንሽ የጥገና ቤት አለችኝ። ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ሰው ይመጣል። አሁን አሁን ዕቃ ከመምጣቱ በፊት ፎቶው ይመጣል። ልጅ ወይ እህት ሳዑዲ ትሆንና ዕቃውን ሳትገዛ በኢሞ ፎቶ ትልካለች። ቤተሰብ ደግሞ ስልኩን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል፦ «ይሄ ለኛ አገር ይሆናል?»

ጥሩ ልማድ ነው። ግን አብዛኛው ሰው ፎቶው ላይ ማየት ያለበትን ትቶ ሌላ ነገር ያያል። ባለፈው አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ያሳየኝን ፎቶ ይዤ፣ በየቀኑ የማያቸውን ስህተቶች ላስረዳ። እህቱ ጅዳ ነች። ለእናታቸው ማይክሮዌቭ ልትገዛ አስባለች።

ፎቶው የካርቶኑ ወይም የሶኬቱ መሆን

መጀመሪያ ያሳየኝ የካርቶኑን ፎቶ ነበር። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ለብዙ አገር የተሠሩ ሞዴሎችን በአንድ ላይ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ያሳየኝ ደግሞ የገመዱን ጫፍ ነው። «ጋሼ፣ ሦስት ጥርስ ነው፤ አዳፕተር እገዛለታለሁ» አለኝ።

የገመዱ ጫፍ ስለ ኤሌክትሪኩ ምንም አይነግርም። አዳፕተር የሶኬቱን ቅርጽ ብቻ ነው የሚቀይረው። ከግድግዳው የሚወጣው ኃይል እንዳለ ያልፋል። በ127 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ላይ አዳፕተር አድርጎ መሰካት ማለት 220ውን በቀጥታ ማስገባት ነው።

የሚፈለገው ዕቃው ራሱ ላይ የተለጠፈችው ወይም የታተመችው ትንሽ ጽሑፍ ናት። እኛ ኔምፕሌት እንላታለን። ማይክሮዌቭ ላይ ከጀርባው ወይም በሩ ሲከፈት ጠርዙ ላይ ትገኛለች። ካውያ ላይ ተረከዙ ጋ፣ ሚክሰር ላይ ከታች፣ ፍሪጅ ላይ ከውስጥ በጎን ወይም ከጀርባ። ስታነሱ ፍላሹን አጥፉት፤ ካልሆነ ቁጥሩ በብርሃን ይዋጣል። ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር አስገቡት። አንድ ጊዜ የመጨረሻው መስመር ተቆርጦ መጣልኝ፤ የሚያስፈልገኝ ደግሞ እሱ ነበር።

ልጁ ወዲያው ደውሎ እህቱ ትክክለኛውን ፎቶ ላከች። እንዲህ ይላል፦

```
220V~ 60Hz
INPUT 1150W
OUTPUT 700W
2450MHz
```

220 ሲያዩ እፎይ ማለት

ልጁ የመጀመሪያውን መስመር አይቶ ደስ አለው። «220 ነው፤ የኛው ነው!» የኛ አገር መብራት በርግጥ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቮልቱ ይገጥማል። ግን ከአጠገቡ ያለውን ቁጥር ዘለለው።

ሳዑዲ ላይ ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው። ዱባይ፣ ኩዌት፣ ኳታርና ባህሬን 50 ነው። ስለዚህ «ከአረብ አገር የመጣ» ብሎ አንድ ላይ መጠቅለል አይሠራም። ከዱባይ የመጣው ማይክሮዌቭ እዚህ በሰላም ሲሠራ፣ ያንኑ የሚመስለው የጅዳው ላይሠራ ይችላል።

ኸርዝ ማለት የኤሌክትሪኩ አቅጣጫ በሰከንድ ስንት ጊዜ ደርሶ መልስ እንደሚል ነው። ተራ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከባድ ትራንስፎርመር አለ። በብረት ላይ የተጠመጠመ መዳብ ነው። ለ60 የተሠራው ብረት በ50 ሲሠራ በእያንዳንዱ ዙር ረዘም ላለ ጊዜ ይጫናል። ቮልቱ ሳይቀየር የብረቱ ጫና 20 በመቶ ይጨምራል። ብረቱ ደግሞ የሚችለው ልክ አለው። ከዚያ ሲያልፍ ከመብራቱ ብዙ ኃይል ይስባል፤ ያም ወደ ሙቀትና ወደ ጩኸት ይለወጣል።

ይሄን በዐይኔ ያየሁት ነው። አንድ የደሴ ሰው ማይክሮዌቭ ይዞ መጣና «ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀርብኛል» አለኝ። ምግብ ስለማሞቁ አላማረረም። ማታ 2 ሰዓት ላይ አስተካክሎት ያድራል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን 12 ሰዓት ይላል። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሰዓቶች ከመብራቱ የሚመጣውን ምት ነው የሚቆጥሩት። 60 ጠብቆ 50 ሲመጣለት፣ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይጎድላል። በ12 ሰዓት ውስጥ 2 ሰዓት ማለት ነው። ውሃ አድርጌ ለጥቂት ደቂቃ አሠራሁት። ጩኸቱ ወፈር ያለ ነው፤ የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታም ጀምሯል። ነቅዬ ስከፍተው የትራንስፎርመሩ መጠቅለያ ጠቁሯል። ሰውየው በሰዓቱ ባይመጣ ኖሮ ትንሽ ቆይቶ በጭስ ይመጣ ነበር።

ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ማይክሮዌቭ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ሰው የሚገድል ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል። እቤት እንዳትከፍቱት።

ታዲያ 60 የተጻፈበት ሁሉ አይሆንም ማለት አይደለም። ካውያ፣ የውሃ ማፍያ ጀበና፣ ምድጃ የሚሠሩት ሽቦ በማጋል ነው፤ ለሽቦ 50 ይሁን 60 ግድ የለውም። ሚክሰርና ቡና መፍጫም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራሉ፤ ሞተራቸው ባለ ካርቦን ነው። ሲሠሩ በኃይል የሚያፏጩት፣ በቀዳዳው በኩል ትንሽ ብልጭታ የሚታይባቸው እነሱ ናቸው። ችግር ያለው ትራንስፎርመር ያለው ማይክሮዌቭ፣ ተራ ፍሪጅና ቀጥታ ከመብራት የሚሠራ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ላይ ነው። ቬንትሌተር ደግሞ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ ይሞቃልም። ኔምፕሌቱ ላይ 50/60 ካለ ግን ሁለቱንም ይችላል ማለት ነው፤ አትጨነቁ። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው 100-240 እና 50/60 ይላል።

2450ን ድግግሞሽ ነው ብሎ ማንበብ

ልጁ ስለ ኸርዝ ስነግረው ወደ ታች ወረደና «ይሄ 2450 ይላል እኮ» አለኝ። ያ ምግቡን የሚያሞቀው ሞገድ ነው። ሜጋ ኸርዝ ነው፤ የትም አገር በተሠራ የቤት ማይክሮዌቭ ላይ ያው ነው። ከሶኬት ጋር አይገናኝም።

ኢንፑትና አውትፑትም እንዲሁ ያምታታል። 700 ዋት ምግቡ ጋ የሚደርሰው ነው። ከሶኬቱ የሚወስደው 1150 ዋት ነው፤ ለኛ የሚያስፈልገን እሱ ነው። ቻርጀር ላይ ደግሞ በተቃራኒው ሰው አውትፑት 5 ቮልት አይቶ «ይሄማ አነስተኛ ነው፣ ይቃጠላል» ብሎ ይመልሰዋል። እዚያም የሚታየው ኢንፑት ነው።

127 ሲሆን «ትንሽ ይበልጣል» ማለት

የልጁ እህት ካውያም አንስታ ልካ ነበር። 127 ቮልት፣ 60 ኸርዝ፣ 1000 ዋት። ሳዑዲ በቆዩ ቤቶች ውስጥ 127ም 220ም ጎን ለጎን አለ፤ 220ው ለኤሲና ለከባድ ዕቃ፣ 127ው ለትንንሹ። ወደ 230 ለመሸጋገር ከተወሰነ ቆይቷል፤ አሮጌ ዕቃ ግን አሁንም ይዞራል። ስለዚህ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ዕቃዎች እንኳ ላይመሳሰሉ ይችላሉ።

ሰው 220 ከ127 እጥፍ እንኳ አይሞላም ይላል። ሽቦ ላይ ግን ኃይሉ የሚያድገው ቮልቱ በራሱ ተባዝቶ ነው።

```
220 ÷ 127 = 1.73
1.73 × 1.73 = 3
1000W × 3 = 3000W
```

ሦስት እጥፍ ነው። የ1000 ዋት ካውያ በአንድ ጊዜ 3000 ዋት ይሆናል። ፊውዙ ካልቆረጠው ሽቦው ይቀልጣል፤ ልብስ ላይ ከሆነ ደግሞ ልብሱንም ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው መቀነሻ ትራንስፎርመር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወደ 110 ያወርዳል። በ110 ካውያው ከአቅሙ ሦስት አራተኛውን ይሰጣል፤ ለመተኮስ ይበቃል። የትራንስፎርመሩ ዋት ከዕቃው ዋት ሰፋ ማለት አለበት፤ ለ1000 ዋት ካውያ 1500 ብትገዙ በምቾት ይሠራል። ሞተር ካለው ደግሞ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ እጥፍና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ይሄ ትራንስፎርመር ቮልት ብቻ ነው የሚቀንሰው። 60ውን 50 አያደርግም፣ 50ውንም 60 አያደርግም። ማይክሮዌቩን በእሱ እናስተካክል ያለኝ ሰው ብዙ ነው፤ አይሆንም። ለአንድ ካውያ ያን ከባድ ብረት ገዝቶ ጓዳ ከማስቀመጥ ደግሞ እዚሁ 220 ካውያ መግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። ለልጁም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

ዋቱን ከሶኬቱ ጋር አለማስተያየት

ዋትን በ220 ስታካፍሉ የሚስበው አምፔር ይወጣል። 1150 ዋት 5.2 አምፔር ነው። 2200 ዋት ጀበና ደግሞ ድፍን 10 ይሆናል። አሁን አዳፕተሩን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። 6 አምፔር የሚል ርካሽ አዳፕተር ላይ ጀበናውን ብትሰኩ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይቢጫል፣ ከዚያ ያጨሳል። በእጃችሁ ስትነኩት የሚያቃጥል ከሆነ እዚያው ንቀሉት።

ሌላም አለ። የሦስት ጥርሱ ትልቁ እግር የኸርዝ ወይም የቮልት ጉዳይ አይደለም፤ የመሬት ሽቦ ነው። ብዙ አዳፕተር ሁለቱን ክብ ጥርስ ብቻ አውጥቶ መሬቱን እዚያው ይቀብረዋል። ኔምፕሌቱ ላይ አንዱ ካሬ በሌላው ውስጥ ተስሎ ካያችሁ ዕቃው መሬት አይፈልግም። ከሌለና ሰውነቱ ብረት ከሆነ፣ እንደ ማይክሮዌቭ፣ መሬት ያለው ጫፍ በባለሙያ ይቀየርለት።

ልጁ በመጨረሻ ለእህቱ በድምፅ ላከላት፦ «እህቴ፣ ሱቁን 50 ኸርዝ ወይም 50/60 ያለው አለ ወይ በይልኝ። ከሌለ ተይው።» በሁለተኛው ቀን ሌላ ፎቶ ይዞ መጣ። 220-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ፣ 1850 ዋት የውሃ ጀበና ነው፤ ከታች ካለው ጽሑፍ አንድም ቁጥር አልተቆረጠም። አካፈልን፤ 8.4 አምፔር ወጣ። «አዳፕተርም ኤክስቴንሽንም ሳይኖር፣ በቀጥታ ግድግዳው ላይ፤ ምጣዱ በማይሠራበት ሰዓት» አልኩት። ማይክሮዌቩ እዚያው ጅዳ ሱቅ ቀረ።