«ታመሙ» ያልነው ማንን ነው? ለማሽን ትርጉም አማርኛ ስናዘጋጅ የሚያሳስቱን ነገሮች

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ በሚባለው ሠፈር ባለች ትንሽ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ደብዳቤ፣ የኪራይ ውል፣ የቤተሰብ ታሪክ፣ ለውጭ አገር ጠበቃ የሚላክ ማስረጃ በየቀኑ ይመጣል። ዛሬ ብዙ ሰው መጀመሪያ ስልኩ ላይ በማሽን አስተርጉሞ ይመጣና «እስኪ እይልኝ» ይላል። እንግሊዝኛው ሲበላሽ ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ አማርኛው ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። አማርኛው ስህተት ሆኖ አይደለም። እኛ አውቀን የምንተወውን ነገር ማሽኑ ስለማያውቀው ነው።

በቅርቡ አንዲት የሳቢያን ሠፈር ልጅ ይዛው የመጣችውን ጽሑፍ ላሳያችሁ። ውጭ አገር ላለ የወንድሟ ጠበቃ የሚላክ ነው። የቤተሰቡን ነገር ትንሽ ቀይሬዋለሁ፣ የዓረፍተ ነገሩን አሠራር ግን አልነካሁም።

«አባቴ ከእናቴ ጋር ሐረር ጁገል ውስጥ ይኖሩ ነበር፡፡ በ2009 ዓ.ም. ታመው ድሬዳዋ መጥተው ሲታከሙ ቆይተው ካረፉ በኋላ ቤቱን ለወንድሜ አውርሰውት ስለነበር ሸጦ ብሩን ስለሰጣት አሁን በእሱ ነው የምትኖረው፡፡»

ለእኛ ችግር የለውም። አንድ ጊዜ አንብበን እንረዳዋለን። ማሽኑ ያወጣው እንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን እንዲህ ነበር፦ ሁለቱም ታመሙ፣ ሁለቱም ድሬዳዋ መጡ፣ ካረፉ በኋላ (ማለትም እረፍት ካደረጉ በኋላ) ቤቱን ለወንድሜ ሰጡ፣ እሷም አሁን ከእሱ ጋር ትኖራለች። አባትየው በሕይወት አሉ። እናትየው ታመዋል። ቤቱ የማን እንደነበር አይታወቅም። ጠበቃው ይህን ቢያነብ ምን ይደመድማል?

አንቱታው ብቻውን ሲቀር

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ድሬ ላይ በንግግር አንቱታ ብዙ አይወደድም፤ ሽማግሌውንም «አንተ» ብንለው ማንም አይቆጣም። እስክሪብቶ ስናነሳ ግን «አንቱ» ይመጣል። ደብዳቤ ነው፣ አባት ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። «ታመሙ»፣ «መጡ»፣ «አረፉ» እንላለን።

አማርኛ ውስጥ ለአንድ የተከበረ ሰው የምንጠቀምበት የግስ መልክ ለብዙ ሰዎች ከምንጠቀምበት ጋር አንድ ነው። «ታመሙ» አባቴም ሊሆኑ ይችላሉ፣ አባቴና እናቴም፣ ሠፈሩ በሙሉም። «ቤታቸው» የአንድ አዛውንት ቤት ነው፣ የአምስት ወንድማማቾችም ቤት ነው። «መቼ ይመጣሉ?» ብሎማ ጭራሽ ሦስት መንገድ አለው፦ እነሱ፣ እሳቸው ወይም እርስዎ። በዚያ ላይ አንቱታው ጾታን ያጠፋል። «እሳቸው አሉ» ሲባል ወንድ ይሁኑ ሴት ግሱ አይነግረንም። እንግሊዝኛ ደግሞ «ሂ»፣ «ሺ» ወይም «ዘይ» ብሎ መምረጥ ግድ ይለዋል። ማሽኑ ይገምታል፣ ብዙ ጊዜም ወደ «ዘይ» ያዘነብላል።

ብዙ ሰው ይህን ሲረዳ «እሳቸው» የሚለውን ቃል ይጨምራል። ያ አይጠቅምም። «እሳቸው ታመሙ» ማለት «ታመሙ» ከማለት ብዙም አይሻልም፤ የማንን ስም እንደተካ አሁንም አልተነገረም። መፍትሔው ስሙን ወይም ዝምድናውን በየዓረፍተ ነገሩ መድገም ነው፦ «አባቴ ታመሙ። አባቴ ወደ ድሬዳዋ መጡ።» ብዙ ጊዜ ማሽኑ ጽሑፉን የሚያየው በዓረፍተ ነገር እየቆረጠ ነው። ከላይ ያለው «አባቴ» ወደ ታች ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ መድገሙ አማርኛውን ቢያሰለችም ለትርጉሙ መዳኛ ነው።

እንዲህም ተደርጎ እንግሊዝኛው «ዘይ» ካለ፣ ለማሽኑ በምሰጠው ቅጂ ላይ ብቻ ግሱን ወደ ነጠላ አወርደዋለሁ፦ «አባቴ ታመመ።» ልጅቱ ይህን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ሲሞቱ እንኳ አንቱ ያልኳቸውን አባቴን እንዴት እንዲህ እጽፋለሁ አለችኝ። ልክ ናት። ለዚህ ነው ሁለት ፋይል የምይዘው፦ አንዱ ለቤተሰቡ የሚቀመጥ፣ አንቱታው ያልተነካ፤ ሌላው ለማሽኑ የሚሰጥና ሥራው ሲያልቅ የሚጠፋ። እሷ ጋ ወደ ነጠላ ማውረድ አላስፈለገም። «አባቴ»ን መድገሙ በቂ ነበር።

«ቤቱ» የማን ቤት?

ሁለተኛው ትንሽ ስለሆነ አይታይም። «ቤቱ» ሁለት ነገር ነው፦ ቀደም ብለን ያነሳነው የታወቀው ቤት፣ ወይም የእሱ ቤት። «ልጁ» ያ ልጅ ነው፣ ወይም የእሱ ልጅ። ስንናገር ከአውዱ እንለያለን። በውልና በውርስ ጽሑፍ ላይ ግን ልዩነቱ የባለቤትነት ጉዳይ ነው። «ወንድሜ ቤቱን ሸጠ» ስትሉ ማሽኑ «የራሱን ቤት ሸጠ» ሊል ይችላል፤ ወንድምየው ከድሮም የራሱ ቤት የነበረው ሊመስል ነው። «የጁገሉን ቤት»፣ «ከአባቴ የወረሰውን ቤት»፣ «ያንን ቤት» ብላችሁ ለዩት። «ልጁ» ከማለት «የወንድሜ ልጅ» ወይም «ያ ልጅ» ማለት ይሻላል።

«በእሱ ነው የምትኖረው» የሚለውም የዚሁ ዘመድ ነው። «እሱ» ወንድሜ ነው ወይስ ብሩ? እንግሊዝኛ ለሰውና ለዕቃ የተለያየ ቃል አለው፤ አማርኛ ለሁለቱም «እሱ» ይላል። ልጅቱ «በብሩ» ማለቷ ነበር። ማሽኑ ደግሞ እናትየውን ከልጇ ጋር አስቀመጣት።

«ታመው መጥተው ቆይተው»

ይህ የእኛ የጽሑፍ ልማድ ነው። ሦስት አራት ድርጊት በ«ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ» እንገጣጥማለን፣ ዋናውን ግስ መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን። ጥሩ አማርኛ ነው። ማሽኑ ግን ሰንሰለቱ ሲረዝም ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል። በተለይ መሐል ላይ ባለድርጊቱ ሲቀየር፦ «አውርሰውት ስለነበር ሸጦ ብሩን ስለሰጣት» ውስጥ ያወረሱት አባት ናቸው፣ የሸጠው ወንድም ነው፣ የተቀበለችው እናት ናት። ሦስት ሰው ያለ አንድ ስም!

እኔ የምከተለው ልክ እንዲህ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲህ ያለ የተያያዘ ግስ ከሁለት ካለፈ እቆርጣለሁ። ባለድርጊቱ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ሳልቆጥር እቆርጣለሁ።

እዚህ ላይ ሌላ ስህተት ይወለዳል፦ ቆርጦ ማሰሪያውን መጣል። «ስለ» ምክንያት ነው፣ «በኋላ» ጊዜ ነው፣ «ከ...» ደግሞ ሁኔታ ሊሆን ይችላል። ዓረፍተ ነገሩን ስትለዩት «በዚህ ምክንያት» ወይም «ከዚያ በኋላ» ብላችሁ መልሱት። ሁኔታን የያዘውን ግን ጨርሶ አትቁረጡ። «ተከራዩ ሁለት ወር ካልከፈለ ቤቱን ይለቃል» የሚለው ቢለያይ «ተከራዩ አልከፈለም። ይለቃል።» ይሆናል፤ ይህ ውል ሳይሆን ክስ ነው።

ስም ከመምጣቱ በፊት የሚደረደረው «የ...» ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ሐረር የሚኖረው የእህቴ ባል ወንድም» ሲባል ሐረር ያለው ባልየው ነው ወይስ ወንድሙ? ሁለቱም ወንድ ስለሆኑ ግሱ አይለያቸውም። «የእህቴ ባል ወንድም አለው። ይህ ወንድም የሚኖረው ሐረር ነው» ብትሉት ጥያቄው ያበቃል።

ሁለት ነጥብ ደርቦ አራት ነጥብ ማድረግ

ይሄ አጭር ነው፣ ግን ብዙ ሰው ላይ አያለሁ። የልጅቱ ጽሑፍ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው በ `፡፡` ነበር፤ ማለትም ሁለት ነጥብ ሁለት ጊዜ ተጽፎ። ትክክለኛው አራት ነጥብ `።` አንድ ፊደል ነው። ለዓይን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። አንዳንድ መሣሪያዎች ዓረፍተ ነገር መለያ አድርገው የሚያውቁት `።`ን ብቻ ስለሆነ፣ በሌላው የተጻፈ አንቀጽ ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ይገባል። ስታርሙ አስቀድማችሁ `፡፡`ን ፈልጋችሁ በ`።` ተኩ። ከዚያም ከፒዲኤፍ ወይም ከቴሌግራም የተቀዳ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ የተሰበረ መስመር ካለ አገናኙት። መስመሩ ተሰብሮ ከቀረ ግሱ ከባለቤቱ ተነጥሎ ለብቻው ሊተረጎም ይችላል።

ወደ አማርኛ መልሶ ማየት

እንግሊዝኛውን መልሰን በማሽኑ ወደ አማርኛ እናስተረጉምና «ልክ ነው!» እንላለን። በአንቱታ ጉዳይ ይህ ያታልላል። «ታመሙ» ወደ «ዘይ» ይሄዳል፣ «ዘይ»ም ተመልሶ «ታመሙ» ይሆናል። ስህተቱ ሄዶ ሲመለስ ልብሱን አልቀየረም። ስለዚህ የሚታየው እንግሊዝኛው ራሱ ነው። «ሂ፣ ሺ፣ ዘይ፣ ኢት» የሚሉትን ሁሉ አክብባችሁ በእያንዳንዱ አጠገብ የሰውየውን ስም ጻፉ። አጠገቡ ስም መጻፍ ያቃታችሁ ቦታ አማርኛው ተመልሶ መታረም ያለበት ቦታ ነው።

የልጅቱ ጽሑፍ በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦

«አባቴና እናቴ ሐረር ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ይኖሩ ነበር። አባቴ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ታመሙ። አባቴ ለሕክምና ወደ ድሬዳዋ መጡ። አባቴ ድሬዳዋ ውስጥ ሲታከሙ ቆይተው ሞቱ። አባቴ ከመሞታቸው በፊት የጁገሉን ቤት ለወንድሜ በኑዛዜ ሰጥተው ነበር። በዚህ ምክንያት ወንድሜ ያንን ቤት ሸጠ። ወንድሜ ከሽያጩ ያገኘውን ገንዘብ ለእናቴ ሰጣት። እናቴ አሁን የምትተዳደረው በዚያ ገንዘብ ነው።»

«አረፉ» ወደ «ሞቱ» የተቀየረው ከተውላጠ ስሙ ጋር ስለተባበረ ነው፤ «እነሱ አረፉ» የሚል እንግሊዝኛ ሁለት ሰው እረፍት ወጡ ማለት ነው። ዓመቱንም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ያልኩት ያለ እሱ እንደ ፈረንጆቹ 2009 ስለሚነበብ ነው። የእኛ 2009 የእነሱ 2016 እና 2017 ላይ ነው የሚወድቀው።

አዲሱ እንግሊዝኛ ሲወጣ «ዘይ» የሚለው ቃል አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ አባትና እናት አብረው ጁገል የኖሩበት ላይ። «አባቴ» አምስት ጊዜ መደጋገሙ ለእንግሊዝኛው ጆሮ ስለሚከብድ ሁለት ቦታ ላይ በእጄ «ሂ» አደረግኩት። የቀረው የሕጋዊ ተርጓሚ ማኅተም ነበር። ልጅቱ ቅጂውን ይዛ ወደ እሱ ሄደች። አንቱታው ያልተነካውን አማርኛ ደግሞ ለእናቷ ለማንበብ አሳትማ ወሰደች።