መልስ ለማይሰጥ ባልደረባ ደጋግመን ስንጽፍ የምንሠራቸው ስህተቶች

በመሥሪያ ቤት ወጣቶቹ መልእክት ከመላካቸው በፊት «እስኪ እይልኝ» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ግን ያው ስህተት ሲደጋገም አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ደብረ ማርቆስ ያለች አንዲት ባልደረባችን ሞጣ ካሉት የመጋዘን ሠራተኛ የማዳበሪያ ቀሪ ትፈልጋለች። ሰውየው በዕድሜ ይበልጧታል፣ መልስም አይሰጡም። የጻፈቻቸው አራት መልእክቶች በተራ እነዚህ ናቸው።

«ጋሼ እንደምን ዋሉ? መረጃውን ቢልኩልን።»
«ጋሼ ሰላም ነው? ያችን ነገር ለማስታወስ ያህል ነው።»
«በተደጋጋሚ ብንጠይቅም ምላሽ አላገኘንም!!»
«ለአቶ እገሌ፤ ባለመላክዎ ለሚደርሰው ችግር ኃላፊነቱን ይወስዳሉ።»

ትልቁ ስህተት ሁለተኛው ላይ ነው። «ያችን ነገር» የትኛዋን ነገር? ሰውየው መጋዘን ውስጥ ናቸው፣ መኪና እያራገፉ ነው፣ ስልካቸውን ለአፍታ አወጡ። ጥያቄውን ለማግኘት ወደ ላይ ሄደው የቆየ መልእክት መፈለግ አለባቸው። አይፈልጉም! ማንም አይፈልግም። እባካችሁ፣ እያንዳንዱ ማስታወሻ ብቻውን ቢነበብ የሚገባ ይሁን። ምን እንደሚፈለግ፣ በምን መልክ፣ እስከ መቼ፣ ሁሌም ድገሙት። ደግሞ የመጀመሪያውም መልእክት ከዚህ አይሻልም፤ «መረጃው» ማለት ምንም ማለት አይደለም። እኔ እንዲህ አስተካከልኩት፦

«ጋሼ እንደምን ዋሉ? እስከ መጋቢት 30 ድረስ በሞዴል 19 የገባውን፣ በሞዴል 22 የወጣውንና የቀረውን ዩሪያ በኩንታል ይላኩልኝ። ሐሙስ እስከ 10 ሰዓት ቢደርሰኝ ከሪፖርቱ ጋር አስገባዋለሁ።»

ሁለተኛው ያንኑ ይደግማል፣ ግን ጥያቄውን ያቀላል። «ሦስቱም ካልተመቸዎት ለአሁኑ ቀሪውን ብቻ ይላኩልኝ። የቢን ካርዱን ፎቶ ቢያነሱልኝም ይበቃኛል። የያዘዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።» ብዙ ጊዜ ዝምታው ንቀት አይደለም። ቆጠራው አልተመጣጠነላቸው ይሆናል፤ ያንን በጽሑፍ ማመን ይከብዳል።

ሁለተኛው ስህተት ጥንካሬን በቁጣ መፈለግ ነው። «በተደጋጋሚ»፣ «እስካሁን ድረስ»፣ ሁለት ቃለ አጋኖ። እነዚህ ሰውየውን ያስቀይማሉ እንጂ ሥራውን አያስጀምሩም። መልእክት የሚጠነክረው ቀኑ ሲቆረጥና ቀጥሎ የሚሆነው ሲነገር ነው። የሚሆነው ነገር ደግሞ እናንተው የምታደርጉት፣ በእርግጥም የምትፈጽሙት ይሁን። ሦስተኛው እንዲህ ሆነ፦

«ጋሼ፣ እስከ መጋቢት 30 ያለው የሞጣ ዩሪያ ቀሪ አልደረሰኝም። ሰኞ 6 ሰዓት ላይ ሪፖርቱን እልካለሁ። እስከዚያ ካልደረሰኝ የሞጣን ረድፍ ‹መረጃ አልደረሰም› ብዬ አልፈዋለሁ። ያ ከሆነ ለሞጣ የሚጫነው ዩሪያ አብሮ አይወሰንም፣ ገበሬው እንዳይቸገር ብዬ ነው አስቀድሜ የምነግርዎት።»

አንድም የቁጣ ቃል የለበትም። ከበፊቱ ግን በጣም ይጠነክራል። ሰኞ 6 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሪፖርቱን ላኩት። «እሺ እስከ ነገ» ካላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የምትጽፉትን ቀን ማንም አያምነውም።

አሁን እኔን በጣም የሚያናድደኝ። «ጋሼ» ብላችሁ ጀምራችሁ በአራተኛው «ለአቶ እገሌ» አትበሉ! እኛ ጎጃም ውስጥ ይህ ከስድብ አይተናነስም። ሰውየው ስለ ዩሪያው ማሰብ ትተው ስለ መጠሪያቸው ያስባሉ። «አንተ» ስትሉት የነበረውን የዕድሜ እኩያችሁንም በድንገት «እርስዎ» ካላችሁት ተጣላችሁ ማለት ነው። በመጀመሪያው የመረጣችሁትን አጠራር እስከ መጨረሻው ያዙት።

ከሦስተኛው በፊት ደውሉ። ቴሌግራም ላይ አንድ ምልክት ብቻ ከሆነ አላነበቡትም፤ ኢንተርኔት ከሌላቸው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ላኩ። በስልክ የተስማማችሁትንም ወዲያው ጻፉላቸው፦ «ጋሼ እንደተነጋገርነው ዓርብ ጠዋት ይልኩልኛል።»

በቡድን ገጽ ላይ ስም ጠርቶ መጠየቅ፦ በፍጹም።

አለቃን በድብቅ ግልባጭ ማስገባትም እንዲሁ። አራተኛው መልእክት ለአለቃ ከሆነ ሰውየው እያዩት ይሁን፣ ከአንድ ቀን በፊትም ይነገራቸው። ውስጡ የጠየቃችሁበት ቀንና የጎደለው ነገር ብቻ ይኑር። «ቸልተኛ ናቸው» የሚል ፍርድ አትጨምሩ። «እኔ የማላውቀው ችግር ካለ እንዲታይልኝ» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩበት፤ ሰውየው ሳያፍሩ የሚመለሱበት በር ይሆናቸዋል።

አራቱንም የመጀመሪያውን ከመላካችሁ በፊት ጻፏቸውና ጎን ለጎን አንብቧቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የተለወጠው ቀኑና የሚከተለው ነገር ነው ወይስ ቃሉ ብቻ? ቃሉ ብቻ ከሆነ እንደገና ጻፉት።

መልሱ በግማሽ ከመጣ ደግሞ ስለ መዘግየቱ አታንሱ። «ጋሼ ቀሪው ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። አሁን የሞዴል 22 ድምሩ ብቻ ነው የጎደለኝ፣ ነገ እስከ 4 ሰዓት ይላኩልኝ።»