ሳይክሎን ሲሸሹ የሚሠሩ አራት ስህተቶች

ኤል ፋሮ የተባለችው የአሜሪካ የጭነት መርከብ ሴፕቴምበር 29 ቀን 2015 ምሽት ላይ ከፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ተነስታ ወደ ፖርቶ ሪኮ ጉዞ ጀመረች። ከሁለት ሌሊት በኋላ ባሃማስ አጠገብ ከነ33 ሰዎቿ ሰጠመች። ያገኛት ዋኪን የተባለው ሀሪኬን ነው፤ ሀሪኬን በአትላንቲክ በኩል ያለ ሳይክሎን ነው። አብዛኛውን ምሳሌ የማወራው በእሷ ነው።

1. አደገኛውን ጎን በካርታ ላይ መፈለግ

ከምድር ወገብ በስተሰሜን የሳይክሎን ነፋስ የሚሽከረከረው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። ስለዚህ ማዕበሉ በሚሄድበት መንገድ ቀኝ በኩል፣ ሽክርክሪቱና ጉዞው ወደ አንድ አቅጣጫ ይገፋሉ። በሰዓት 60 ኖቲካል ማይል፣ ማለትም 60 ኖት የሚነፍስ ማዕበል በ12 ኖት ቢጓዝ፣ በቀኝ በኩል ወደ 72፣ በግራ በኩል ወደ 48 ኖት ይሆናል። በዚያ ላይ የቀኙ ጎን ነፋስ መርከቧን ከማዕበሉ ፊት ወደ መንገዱ ይገፋታል። አደገኛ ግማሽ ክብ የሚባለው ይሄ ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው «ቀኝ» ሲባል ምሥራቅ ይመስለዋል። አይደለም። ፊትህን ማዕበሉ ወደሚሄድበት አዙረህ ነው ቀኝህን የምታየው። ዋኪን ያን ጊዜ የሚሄደው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለነበር አደገኛው ጎን ሰሜን ምዕራቡ ነበር። ኤል ፋሮም የመጣችው ከዚያው በኩል ነው።

ከጅቡቲ ወደ ሙምባይ የሚሄድ መርከበኛ ይሄው ሕግ ይሠራለታል። ወደ ደርባን ከታጠፈ ግን የምድር ወገብን ካለፈ በኋላ ሁሉም ይገለበጥና አደገኛው ግራ ይሆናል።

2. እየሮጡ ነፋስ መለካት

የትኛው ጎን እንዳለህ ነፋሱ ራሱ ይነግርሃል። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ነፋሱ የሚመጣበት አቅጣጫ ቀስ እያለ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ከዞረ በቀኝ ነህ። በተቃራኒው ከዞረ በግራ። ሳይዞር እየጠነከረ፣ የአየር ግፊት መለኪያው ባሮሜትርም እየወረደ ከሄደ የማዕበሉ መንገድ ላይ ቆመሃል ማለት ነው።

ችግሩ፣ ይሄ ሕግ የሚያገለግለው መርከቧ ስትቆም ወይም በጣም ስትዘገይ ነው። ማዕበሉ በ8 ኖት ወደ ሰሜን ሲሄድ አንተ በቀኙ በኩል በ18 ኖት ብትቀድመው፣ ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞርብሃል። ይሄ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው። «እፎይ፣ የተሻለው ጎን ነኝ» ትላለህ፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ፍጥነትህን ቀንስና ጠብቅ፣ ከዚያ ለካ። በቀኝ መሆንህ ከተረጋገጠ፣ ነፋሱን ከመርከቧ አፍንጫ ትንሽ ወደ ቀኝ አድርገህ የቻልከውን ያህል ወደፊት ሂድ። በግራ ከሆንክ ነፋሱን ከኋላ በቀኝ በኩል ይዘህ ሽሽ።

3. በቀጭኗ መስመር መታመን

ትንበያው የሚስለው መስመር የማዕበሉ እምብርት የሚያልፍበት ተብሎ የሚገመተውን ብቻ ነው። መርከበኞች የሚጠቀሙበት ቀላል ሕግ አለ፦ ለ24 ሰዓት ትንበያ 100፣ ለ48 ሰዓት 200፣ ለ72 ሰዓት 300 ኖቲካል ማይል ስህተት ጨምር። የጨመርከውን 34 ኖት ነፋስ ከሚደርስበት ርቀት ጋር ደምር። ያ ርቀት 120 ማይል ቢሆን፣ ለነገ ከእምብርቱ 220 ማይል ክልል ውስጥ አትገባም ማለት ነው።

ኤል ፋሮ ላይ ስህተቱ ሌላም ነገር ነበረው። የዋኪን ትንበያ ራሱ አልተሳካም፤ ይዞራል ሲባል ወደ ደቡብ ምዕራብ መውረዱን ቀጠለ። ካፒቴኑ ደግሞ በብዛት የሚመለከተው በኢሜይል የሚመጣውን ባለቀለም ካርታ ነበር። ካርታው ላይ ያለው መረጃ 6 ሰዓት ገደማ የቆየ ነው። አዲሱ መረጃ በጽሑፍ ብቻ መርከቧ በምትነዳበት ክፍል ባለው ማተሚያ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ ትንበያ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው ሰዓቱ ነው።

4. ከፊቱ ቀድሞ ማለፍ

ይሄን ከሁሉ የከፋ ስህተት እለዋለሁ፤ በወረቀት ላይ ሲታይ ሁልጊዜ የሚሳካ ይመስላላ። ኤል ፋሮ ከማዕበሉ በደቡብ ምዕራብ በኩል ሾልካ ለማለፍ ነበር ያቀደችው። በሁለተኛው ሌሊት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ሦስተኛው መኮንን ስለ ማዕበሉ ለካፒቴኑ ደወለ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ20 ገደማ ሁለተኛዋ መኮንን ደውላ ወደ ደቡብ እንታጠፍ አለች። ካፒቴኑ በያዘው መንገድ እንድትቀጥል ነገራት።

ከማዕበል ፊት ስታቋርጥ ጥያቄው «ሞተሬ ከሠራ አልፋለሁ ወይ?» መሆን የለበትም። «ሞተሬ ቢቆም የት ነው የምቆመው?» ነው። ኤል ፋሮ ውሃ ገብቶባት ወደ ቀኝ አዘነበለች። ይሄን ለማስተካከል ነፋሱን በቀኝ ጎኗ እንድትይዝ አዞሯት፤ አሁን ወደ ግራ አዘነበለች። ከዚያ የሞተሩ የዘይት መምጠጫ ዘይት አጣና ሞተሩ ቆመ። ጠዋት 1 ሰዓት ከ40 ገደማ ሰጠመች።