ባርት ሁልጊዜ 10 ዓመቱ ነው፦ የካርቱን ጸሐፊዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካው ተከታታይ ካርቱን «ዘ ሲምፕሰንስ» እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ሲጀምር ባርት 10 ዓመቱ ነበር፤ ዛሬም 10 ነው። ሥዕል ስለማያረጅ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም አንድ ግድየለሽ ዓረፍተ ነገር ሁሉንም ያፈርሰዋል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት በገጸ ባሕርይ ያለፈ ሕይወት ውስጥ ዓመተ ምሕረት መጻፍ ነው። በ1991 የታየ አንድ ክፍል የባርት ወላጆች ሆመርና ማርጅ በ1974 የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ እንደተዋወቁ ነገረን። ያን ጊዜ ሒሳቡ ይሰራ ነበር፤ በ1974 18 ዓመት ገደማ የነበረ ሰው በ1991 35 ገደማ ይሆናል፤ የ10 ዓመት ልጅ ቢኖረውም አይገርምም። ልጁ ባለበት ቆሞ ዘመኑ ሲነጉድ ግን ሆመር በ2008 ከ50 በላይ ሊሆን ነው። ስለዚህ በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ክፍል የሁለቱን የወጣትነት ፍቅር ወደ 1990ዎቹ አዛወረው። ዕድሜው ተስተካከለ፤ የ1974ቱን ታሪክ ይዘው የቆዩ ብዙ ተመልካቾች ግን ተቆጡ። አንዴ ዓመት ከተጻፈ ወይ ዕድሜው ይፈርሳል፣ ወይ የተመልካቹ ትዝታ።

በማስታወሻችሁ ላይ ዓመቱን ሳይሆን ርቀቱን ጻፉ፦ «ባርት ከመወለዱ ጥቂት ዓመታት በፊት»። ጽሑፉን ስትጨርሱ ዛሬ ላይ 20 ዓመት ደምሩና እንደገና አንብቡት። ሐሰት የሚሆን መስመር ካገኛችሁ አሁኑኑ ቀይሩት። የልብስ ፋሽንና የታወቀ ዘፈንም ዓመት ይናገራሉ፤ እነሱንም ፈትሹ።

ጦርነትም ያው ነው። ርዕሰ መምህር ስኪነር የቬትናም ዘማች ነው። የአሜሪካ ወታደሮች በ1973 ከዚያ ወጥተዋል፤ በዚያ ዓመት 18 የሞላው ሰው በ2025 70 ይደፍናል፤ እሱ ግን አሁንም ትምህርት ቤቱን ይመራል። «ወታደር ነበር» ማለት ይበቃል።

በታሪኩ መሀል ልጅ አታስወልዱ። የባርት ታናሽ እህት ማጊ ከመጀመሪያውም ሕፃን ስለነበረች ማንም አይቆጥርባትም። በ1999 የተወለዱትን የባለሱቁን የአፑን ስምንት ልጆች ግን ተመልካቹ ሲወለዱ አይቷቸዋል፤ ትንሽ ባደጉ ቁጥር «ታዲያ ባርትስ?» ይላል።

የልደት ኬክ ላይ ቁጥር አይኑር።

በድምፅ በኩል፣ ለልጅ ገጸ ባሕርይ እውነተኛ ልጅ ከመረጣችሁ ድምፁ ይጎረንናል። «አርተር» የተባለው የልጆች ካርቱን በዚሁ ምክንያት ዋናውን ድምፅ ደጋግሞ መቀየር ነበረበት። ባርትን ከመጀመሪያው የምታናግረው ናንሲ ካርትራይት ግን አዋቂ ሴት በመሆኗ ይህ ችግር አልገጠማትም። አዋቂ መምረጥም ወሰን አለው፦ የባርትን አስተማሪ ኤድናን ታናግር የነበረችው ማርሻ ዋላስ በ2013 ስታርፍ፣ አዘጋጆቹ ሌላ ሰው ከመተካት ይልቅ ገጸ ባሕርይዋን አሰናበቱ።