ሌሊት ልብ ሲመታ፦ ጭንቀት ነው ወይስ ሌላ?
በፈተና ወይም በበጀት መዝጊያ ሳምንት እንቅልፍ አጥታችሁ ልባችሁ ድው ድው ካለ፣ አልጋ ላይ አትገላበጡ። ተነሥታችሁ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጡ። እስከ 4 እየቆጠራችሁ በአፍንጫ አየር ሳቡ፤ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሁለት ጣት ከአውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓ ላይ አሳርፋችሁ ምቱን ለ60 ሰከንድ ቁጠሩ። የጭንቀት ምት ብዙውን ጊዜ ፈጣን ቢሆንም ወጥ ነው፤ ትንፋሽ ሲረጋም ቀስ በቀስ ይበርዳል። የማታው ቡና ግን፣ በረካው ቀርቶ አቦሉም ይለፋችሁ።

ምቱ በድንገት ተነሥቶ በድንገት የሚቆም ወይም የተዘበራረቀ ከሆነ ሐኪም ይየው። ተቀምጣችሁም ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ፣ ወይም የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ራስን መሳት ከታከለበት፣ ሳይነጋ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ክብደት እየቀነሰ እጅ የሚንቀጠቀጥና ሙቀት የማያስችል ከሆነም የታይሮይድ ምርመራ ጠይቁ።