«ቢ1 አለኝ፣ ለጀርመን ዩኒቨርሲቲ ይበቃል?»

አይበቃም። ቢ1 ማለት ከኤ1 እስከ ሲ2 ከሚሄዱት የቋንቋ ደረጃዎች መካከለኛው ነው። ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ስለሚመጣ መልሱን አንዴ በደንብ መጻፍ ይሻላል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው። በጀርመንኛ ለሚሰጥ ባችለር ወይም ማስተርስ ግን የሚጠበቀው ሲ1 አካባቢ ነው። ቢ1 የሚያገለግለው ለዩኒቨርሲቲ ለሚያዘጋጀው የመሰናዶ ትምህርት፣ ለሽቱዲየንኮሌግ ነው፤ እዚያም ቢሆን ብዙዎቹ አሁን ቢ2 ይጠይቃሉ። በዚያ ላይ የመግቢያ ፈተና አለ። ጽሑፍ ይሰጧችሁና በየሁለተኛው ቃል ግማሹ ፊደል ተቆርጦ ይጠብቃችኋል፤ የጎደለውን መሙላት ነው። ሰዋስው ብቻ ሸምድዶ የመጣ ሰው እዚህ ላይ ይቀራል።

«ሲ1 አለኝ» የሚለውም ገና መልስ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው የሚቀበለው በስም የጠቀሳቸውን ፈተናዎች ነው። በብዛት የሚጠቀሱት ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው የሚሰጡት ዴኤስሃ-2፣ በአራቱም ክፍል 4 የመጣበት ቴስትዳፍ፣ የቴልክ ሲ1 ሆህሹለ እና የጎተ ኢንስቲትዩት ሲ2 ናቸው። የጎተ ሲ1ን የሚቀበሉ አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ። ስለዚህ ለፈተና ከመክፈላችሁ በፊት የምታመለክቱበትን ፕሮግራም ገጽ ከፍታችሁ ዝርዝሩን አንብቡ። «ጓደኛዬን ተቀብለውታል» ማስረጃ አይሆንም፤ ጓደኛችሁ ያመለከተው ሌላ ከተማ ነው። ኮርስ ተከታትላችሁ ስትጨርሱ የሚሰጣችሁ ወረቀትም እንዲሁ የተሳትፎ ማረጋገጫ እንጂ የፈተና ሰርተፍኬት አይደለም። ላዩ ላይ «ቢ2» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ ከማመልከቻው ጋር የሚልኩት ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ማመልከቻቸው ውድቅ ሆኖ የሚመለሰውም በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጊዜው። ጎተ ራሱ በሚሰጠው ግምት ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ ከ350 እስከ 650፣ ለቢ2 ከ600 እስከ 800፣ ለሲ1 ከ800 እስከ 1000 ክፍለ ጊዜ ያስፈልጋል። አንዱ ክፍለ ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። መሐሉን 900 ብለን እናስላ። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በየማታው ሦስት ክፍለ ጊዜ የሚማር ሰው በወር 36 ያህል ይጨርሳል፤ ሲ1 ለመድረስ 25 ወር መሆኑ ነው። በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ በሙሉ ቀን የሚማር ደግሞ 11 ወር ይፈጅበታል። ይህ እንግዲህ ኮርስ ሳይቋረጥ፣ የሚቀጥለው ደረጃ ቦታ ሳይሞላ፣ አንድም ፈተና ሳይወደቅ ነው። እነዚህን ስትጨምሩ በሙሉ ቀን አንድ ዓመት ተኩል፣ በማታ ሁለት ዓመት ተኩልና ከዚያ በላይ ያዙ። «በስድስት ወር ሲ1» እያለ የሚያስተዋውቅ ትምህርት ቤት ሲገጥማችሁ ይህንን ስሌት አስታውሱ።

በአንድ ሰው ላይ እንየው። አዲስ አበባ በመካኒካል ምህንድስና የተመረቀች ልጅ በሴፕቴምበር ከዜሮ በሙሉ ቀን ጀመረች እንበል። ሁሉም ቢቀናት በቀጣዩ ኦገስት የሲ1ን ኮርስ ትጨርሳለች። የፈተና ቀን በኦክቶበር ወይም በኖቬምበር ታገኛለች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ሳምንታት ስለሚፈጅ ሰርተፍኬቱ እጇ የሚገባው በዲሴምበር ነው። በኦክቶበር ለሚጀምረው የክረምቱ ሴሚስተር የማመልከቻው መዝጊያ በብዛት ጁላይ 15 ነበር፤ አልፏል። ጃንዋሪ 15 የሚዘጋው የበጋው ሴሚስተር አለ፤ ግን ብዙ ፕሮግራሞች በበጋ አዲስ ተማሪ አይቀበሉም። የውጭ አመልካቾችን ሰነድ ለዩኒቨርሲቲዎች በሚያጣራው በዩኒ-አሲስት በኩል ከሆነ ደግሞ ሰነድ ማጣራቱ ብቻ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ ዲሴምበር ላይ የደረሰ ወረቀት ለጃንዋሪ ጠባብ ነው። ስለዚህ በጁላይ ታመለክታለች፣ በኦክቶበር ክፍል ትገባለች። ከጀመረችበት ቀን ሁለት ዓመት አለፈ፤ አንድም ቀን አላባከነችም። ዕቅዳችሁን ከመዝጊያው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

የፈተናው ዓይነት ምርጫም ጊዜ ይበላል ወይም ያተርፋል። ከአገር ቤት ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ለሚፈተን ሰው ጎተ ይመቻል፤ ቢ1፣ ቢ2 እና ሲ1 በአራት ሞጁል ተከፍለው ለየብቻ ይታያሉ፣ ማለፊያው በየሞጁሉ ከ100 60 ነው። ማንበብ 78፣ መጻፍ 66፣ መናገር 80 አምጥታችሁ ማዳመጥ 54 ከሆነ ማዳመጥን ብቻ ትደግማላችሁ። ቴስትዳፍ ግን እንደዚህ አይደለም። ሦስት ክፍል 4 ሆኖ አንዱ 3 ከመጣ ፈተናውን በሙሉ፣ ክፍያውንም በሙሉ እንደገና ነው። ጥቂት ዩኒቨርሲቲዎች ድምሩ 16 ከሆነ ይቀበላሉ፤ የእናንተው ከእነሱ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትተማመኑ። የቴስትዳፍ የንግግር ክፍል የሚካሄደው ከኮምፒውተር ጋር ነው። ፊት ለፊት የሚያበረታታ ፈታኝ የለም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ይቆረጣል። በስልክ ድምፅ እየቀዳችሁ፣ ሰዓት እየያዛችሁ ካልተለማመዳችሁ ጥሩ ተናጋሪ መሆን ብቻ አያድናችሁም። ዴኤስሃን ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጡት እነሱ ጋ ላመለከተ ሰው ብቻ ነው።

አበሻ ተማሪ በብዛት የሚወድቅበት ክፍል ማዳመጥ ነው፤ ምክንያቱም ጀርመንኛ የሚሰማው ከአንድ መምህር አፍ ብቻ ነው። ዶይቸ ቬለ ቀስ ተብሎ የሚነበብ ዜና በነጻ ያቀርባል። ከቢ1 ጀምሮ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ስሙ።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ ያለባችሁ ግን በአመልካችነት ቪዛ ላይ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ለመፈለግ ተብሎ የሚሰጠው። ዕድሜው እስከ ዘጠኝ ወር ነው። «ኤ2 ይዤ ልግባ እንጂ እዚያ በቶሎ እለምደዋለሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ከኤ2 መጨረሻ እስከ ሲ1 ድረስ 550 ገደማ ክፍለ ጊዜ ይቀራል። በሳምንት 20 ከሆነ ከስድስት ወር በላይ ነው፤ በወረቀት ላይ ዘጠኝ ወር ውስጥ ይገባል። ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቤት ፍለጋ፣ በአድራሻ ምዝገባ፣ በባንክና በኢንሹራንስ ያልቃሉ። ለአድራሻ ምዝገባው ራሱ ቀጠሮ መጠበቅ አለ፤ የውጭ ዜጎች ቢሮ ለኢሜይል በስንት ሳምንት እንደሚመልስ ደግሞ እዚህ ጀርመን ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ኮርሱም የሚጀምረው እናንተ በገባችሁበት ቀን ሳይሆን በራሱ ቀን ነው። በሰባተኛው ወር ቢ2 ጨርሳችሁ ስትቆሙ የሲ1 ፈተናም የማመልከቻ መዝጊያም በቀረው ጊዜ አይደርስም፤ ያ ፈቃድ ደግሞ ትምህርቱን እስክትጨርሱ ተብሎ የሚራዘም አይደለም። ለቪዛው ተብሎ በታገደው የባንክ ሒሳብ ላይ የነበረው ገንዘብ በየወሩ ተበልቷል። ተበድረው ያስቀመጡ ቤተሰቦች አሉ። የተፈተነ ቢ2 እጃችሁ ሳይገባ በዚህ ቪዛ አትምጡ። አዲስ አበባ ስድስት ወር መጨመር እዚህ ሦስት ወር ከመጨነቅ በጣም ይረክሳል።

ፈረንሳይ የሚያስቡ ነገሩ ትንሽ ይቀላቸዋል፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ በብዛት የሚጠየቀው ቢ2 ነው፣ አንዳንድ ዘርፎች ሲ1 ይላሉ። ከሊሴ ገብረ ማርያም በባካሎሬያ የጨረሰ ሰው በብዛት የቋንቋ ፈተና አይጠየቅም። ሌላው ዴልፍ ቢ2 የሚባለውን የፈረንሳይኛ ፈተና ያነጣጥር፤ ማለፊያው ከ100 50 ነው፣ ግን በአንዱ ክፍል ከ25 5 ያላመጣ ድምሩ ቢደርስለትም ይወድቃል። ዴልፍ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ቴሴኤፍ የሚባለው ፈተና ግን ሁለት ዓመት ብቻ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ከተፈተናችሁ ማመልከቻው ሳይደርስ ሊያልፍባችሁ ይችላል።