ኪራዩን ሙሉ በሙሉ አስተዳደር ላይ አትጻፉት

የትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት የመጀመሪያ ዓመት በጀት ስትሠሩ ኪራዩን በሙሉ አስተዳደር ውስጥ አትክተቱት። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ ማለፍ የለበትም። ኪራይ ብቻውን ይህን ጣሪያ ሊያስነካችሁ ይችላል።

መላው ቀላል ነው። ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን «ፕሮግራም» እና «አስተዳደር» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሩ። እኛ ኮዬ ፈጬ በወር 12,000 ብር ሦስት እኩል ክፍሎች ተከራይተናል። ሁለቱ የልጆች ማስጠኛ፣ አንዱ ቢሮ ነው። ስለዚህ ከዓመቱ 144,000 ብር ውስጥ 96,000 ፕሮግራም ላይ፣ 48,000 አስተዳደር ላይ ተጻፈ። «የቤት ኪራይ» የሚለው መስመር ግን አንድ ስለሆነ ከደረሰኙ ጋር ወዲያው ይመሳከራል።

ለደመወዝም ይሠራል። የሥራ ሰዓት መዝገብ ካልያዛችሁ ግን ተዉት፤ በግምት የተከፋፈለ ደመወዝ ኦዲተር ፊት አይቆምም።